«ሲስት» ያልሆነው ሲስት
በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ፣ ጀሞ፣ የቀረበ ንግግር

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በቁጠባ ደብተራችሁ ነው። ወሩ በገባ ቁጥር «ያንቺ አልገባም» እያልኩ የምደውል እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ሰብሳቢያችን ስለ ሂሳብ ሳይሆን ስለ ራሴ እንድናገር ጠይቃኛለች። ሐኪም አይደለሁም፤ ዲፕሎማዬ በአካውንቲንግ ነው። የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን፣ ሐኪሜ ቁጭ ብላ ያስረዳችኝን፣ ከዚያም በኋላ አንብቤ ያመሳከርኩትን ነው። እዚህ ያለነው ሴቶች ብቻ ስለሆንን በግልጽ እናገራለሁ። በዜና መጽሔታችን ሲወጣም ሳይሸራረፍ ይውጣ ብያለሁ።

በሽታው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል፤ ባጭሩ ፒሲኦኤስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ከመቶ ከ10 እስከ 13 የሚሆኑት አለባቸው፤ አብዛኞቹም እንዳለባቸው አያውቁም። እኔም ለስምንት ዓመት ያህል ከማያውቁት አንዷ ነበርኩ።

ከ19 ዓመቴ ጀምሮ የወር አበባዬ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ይዘልል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁና ደስ ይለኝ ነበር፤ የሞዴስ ወጪ ቀነሰልኝ ብዬ። አገጬ ላይ ወፈር ያለ ፀጉር ይበቅላል፤ ጠዋት ታክሲ ከመያዜ በፊት በወረንጦ እነቅላለሁ። መንጋጋዬ ዙሪያ ያለው ብጉር 25 ዓመት ካለፈኝም በኋላ አልጠፋም። አንገቴ ከኋላ በኩል ጠቆር ብሎ ሻካራ ሆኗል፤ እናቴ ቆሻሻ መስሏት ልጅ እያለሁ «በደንብ ታሺው እንጂ» እያለች በሳሙና ትፈትገኝ ነበር። ለብጉሩ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ ለፀጉሩ ውበት ሳሎን ሄድኩ፣ ለአንገቴ ቅባት ገዛሁ። ለወር አበባዬ የትም አልሄድኩም። አራት የተለያየ ችግር አለብኝ ብዬ ነበር የማምነው። አንድም ሰው እነዚህን ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ አልጻፋቸውም።

ካገባሁ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ አልረገዝኩምና፣ አንድ ክሊኒክ ሄጄ አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ያነሳኝ ባለሙያ ስክሪኑን እያየ «ሁለቱም ኦቫሪ ላይ ብዙ ሲስት አለ» አለኝ። ወረቀቱን ሰጠኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። በቃ፣ ያ ነበር። እኔ ሲስት የማውቀው ጎረቤታችን በኦፕሬሽን ያወጣችውን፣ ብርቱካን የሚያህለውን ነው። ስለዚህ ማታ ማታ በሁለቱም ጎኔ ብርቱካን ተሰድሮ ይታየኝ ነበር። አማቴ ጠበል ወሰዱኝ፤ በደግነት ነው ያደረጉት፣ አሁንም አመሰግናቸዋለሁ። ኦፕሬሽን አድርጊ ያለኝም አልጠፋም።

ወራት ካለፉ በኋላ የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ዘንድ ደረስኩ። ዶክተሯ የአልትራሳውንዱን ወረቀት እንኳ ሳታየው «የመጨረሻዎቹን ስድስት የወር አበባዎችሽን ቀን ንገሪኝ» አለችኝ። እህቶቼ፣ እኔ የእያንዳንዳችሁን የክፍያ ቀን በቃሌ የማውቅ ሴት፣ አፌ ተሳሰረ። ግን ልጅ ስለምንፈልግ ቤት ባለው የግድግዳ ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ ክብ አደርግ ነበር። ክብ አድርጌ አላውቅም እንዳልል አድርጌያለሁ፤ ደምሬው ግን አላውቅም። የዚያን ዕለት ማታ ካላንደሩን ከግድግዳ አውርጄ ቁጭ አልኩ።

ቀኖቹ እነዚህ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መስከረም 4፣ ኅዳር 2፣ ታኅሣሥ 20፣ መጋቢት 10፣ ግንቦት 6፣ ሐምሌ 21። ከዚያ የ2015 መስከረም 9። የእኛ ካላንደር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ በጣት ይቆጠራል። የወር አበባ የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ነው። በዚህ መሠረት የእኔ 58፣ 48፣ 80፣ 56፣ 75 ቀን ሆነ። የመጨረሻውን መጀመሪያ 48 ብዬ ነበር፤ ኋላ ሳመሳክር ጳጉሜን ረስቻታለሁ፣ 53 ነው። ሂሳብ ሠራተኛ ጳጉሜን ስትረሳ አያምርም፤ እናንተ አትርሱ።

በአዋቂ ሴት ላይ ጤናማ የሚባለው ከ21 እስከ 35 ቀን ነው። ከ35 በላይ ወይም ከ21 በታች ከሆነ፣ ወይም በዓመት ከስምንት ጊዜ በታች ከመጣ የተዛባ ይባላል። የእኔ በዓመቱ የመጣው ስድስት ጊዜ ነው። ዶክተሯ ወረቀቴን አይታ «ይሄ ከአልትራሳውንዱ ይበልጣል» አለችኝ።

አሁን ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚፈጠር እሷ እንዳስረዳችኝ ላስረዳችሁ፤ የአራቱ ችግሮቼ አንድነት እዚህ ላይ ነውና።

በየወሩ ኦቫሪያችን ውስጥ በውሃ የተሞሉ ትንንሽ ከረጢቶች ማደግ ይጀምራሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ እንቁላል አለ። ጭንቅላት ሥር ያለች ፒቱታሪ የምትባል እጢ ሁለት ሆርሞን ትልካለች። ኤፍኤስኤች የሚባለው ከረጢቱን ያሳድጋል። ኤልኤች የሚባለው ደግሞ የኦቫሪን ሴሎች አንድሮጂን እንዲሠሩ ያዛል። አንድሮጂን የወንድ ሆርሞን ይባል እንጂ ሁላችንም አለን፤ ኦቫሪ ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚሠራው ከእሱ ነው። ከከረጢቶቹ አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይፈነዳና እንቁላሉ ይወጣል። የተፈነዳው ከረጢት ቅሪት ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ፕሮጄስትሮን ሁለት ሥራ አለው፤ የማሕፀንን ግድግዳ ያረጋጋል፣ ጭንቅላትንም «ረጋ በል፣ ኤልኤች አታብዛ» ይለዋል። እርግዝና ከሌለ ፕሮጄስትሮኑ ይወርድና ደም ይመጣል።

ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ላይ ኤልኤች ይበዛል፣ ኤፍኤስኤች በአንጻሩ ያንሳል። ስለዚህ አንድሮጂን ከልክ በላይ ይሠራል፤ ከረጢቶቹ ግን የሚያሳድጋቸው አጥተው ከ2 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ላይ ይቆማሉ። ማንም አይፈነዳም፤ እንቁላል አይወጣም። እንቁላል ካልወጣ ፕሮጄስትሮን የለም፤ ፕሮጄስትሮን ከሌለ ጭንቅላትን ረጋ በል የሚለው የለም፤ ኤልኤች እንደበዛ ይቀጥላል። በአልትራሳውንድ «ብዙ ሲስት» የተባለው እነዚያ ማደግ ያቃታቸው ከረጢቶች ናቸው። በሽንብራ ፍሬ ልክ ናቸው ብትሉ ማጋነን ነው፤ ብዙዎቹ ከምስር አይበልጡም። የእኔ ብርቱካን ምስር ሆኖ ተገኘ። የሚወጣ ነገርም የለም።

ስሙ ራሱ ነው ያሳሳተን። እ.ኤ.አ. በ1935 ስታይን እና ሌቨንታል የተባሉ ሁለት የቺካጎ ሐኪሞች ሰባት ሴቶችን መርምረው በሽታውን ሲገልጹ ያዩትን ሲስት አሉት፤ ስሙ በዚያው ቀረ።

ሦስተኛው ተዋናይ ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ቆሽት የምትሠራው፣ ከምግብ የመጣን ስኳር ወደ ጡንቻ የሚያስገባ ሆርሞን ነው። ብዙዎቻችን ላይ ጡንቻው ኢንሱሊንን በቀላሉ አይሰማም። በሩን አንዴ አንኳኩቶ የሚከፈትለት የነበረው አሁን አምስቴ ማንኳኳት አለበት፤ ቆሽትም ብዙ ኢንሱሊን ትልካለች። ችግሩ ጡንቻው ባይሰማም ኦቫሪ ይሰማል። የበዛው ኢንሱሊን ኦቫሪ ጋ ሲደርስ ከኤልኤች ጋር ተባብሮ አንድሮጂን ያሠራል። ጉበት ጋ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። ጉበት አንድሮጂንን በደም ውስጥ አስሮ የሚይዝ ፕሮቲን ታመርታለች፤ ኢንሱሊን ሲበዛ ይህ ፕሮቲን ይቀንሳል። ያልታሰረው አንድሮጂን እንደልቡ ቆዳ ጋ ይደርሳል፤ አገጭ ላይ ፀጉር፣ መንጋጋ ላይ ብጉር የሚሆነው እሱ ነው። አንገቴ ላይ ያለው ጥቁረትስ? እሱ የኢንሱሊን መብዛት ምልክት ነው። እናቴ ያን ሁሉ ሳሙና የጨረሰችው ለኢንሱሊን ነበር።

አንድሮጂን በበኩሉ ስብ ሆድ አካባቢ እንዲከማች ያደርጋል፤ የሆድ ስብ ደግሞ ጡንቻው ኢንሱሊንን ይበልጥ እንዳይሰማ ያደርጋል። እንግዲህ እንዲህ ይሽከረከራል። መጀመሪያው የቱ ነው ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ከሴት ሴት ይለያያል፤ በዘር የሚወረስም አለበት» ነው ያለችኝ። በእኛ ቤት የአባቴ እህት ፂም ነበራት፤ ልጅም አልወለደችም፤ በ50 ዓመቷ ስኳር ያዛት። ሦስቱን ነገሮች አገናኝቶ ያየ ሰው አልነበረም።

ወደ ምርመራው ልምጣ። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ፣ ሮተርዳም በተባለች የሆላንድ ከተማ በተደረሰ ስምምነት፣ ሦስት ነገር ያያሉ። የተዛባ የወር አበባ፤ የአንድሮጂን መብዛት፣ በሰውነት ላይ የሚታይ ወይም በደም የሚለካ፤ እና በአልትራሳውንድ ብዙ ከረጢት መታየቱ። ከሦስቱ ሁለቱ ካሉ፣ የሚመስሉት በሽታዎችም ከተወገዱ ፒሲኦኤስ ነው። ልብ በሉ፣ አልትራሳውንዱ ብቻውን ሦስተኛ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ምንም ሳይኖራቸው ብዙ ከረጢት የሚታይባቸው ጤነኛ ሴቶች አሉ፤ በተለይ ወጣቶች። በእኔ ላይ ደግሞ ካላንደሩና አገጬ ብቻ ሁለቱን ስለሚሞሉ አልትራሳውንዱ ባይኖርም ይበቃኝ ነበር። ያን ሁሉ ሌሊት ያላስተኛኝ ወረቀት ማለት ነው።

የሚመስሉትን ማስወገድ የሚባለው ነገር መዘለል የለበትም። መጀመሪያ እርግዝና። ትስቃላችሁ፣ ግን መጀመሪያ የሚመረመረው እሱ ነው። ከዚያ የታይሮይድ ምርመራ፤ እንቅርት ያለባት ሴት የወር አበባዋ ሊዛባ ይችላል። ከዚያ ፕሮላክቲን፤ ሳትወልድ ከጡቷ ወተት የሚወጣ ሴት በዚህ ትጠረጠራለች። ከኩላሊት በላይ ያለችው እጢም አንድሮጂን ልታበዛ ስለምትችል 17 ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን የሚባል የደም ምርመራ አለ። ከዓመታት ወዲህ ቀስ ብሎ ሳይሆን በጥቂት ወራት ውስጥ ድምፅ ከጎረነነ፣ ፂም ከወጣ፣ ፀጉር ከፊት ከሳሳ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ የሚጠበቅበት አይደለም።

እዚህ ሰፈር ብዙ ሴት የምትጠይቀኝ የመርፌው ነገር አለ። የሦስት ወሩ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ራሱ የወር አበባን ያስቀራል፤ ካቆማችሁም በኋላ እስኪመለስ እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ክንድ ላይ የሚቀበረውም ያዛባል። ያ ፒሲኦኤስ አይደለም፤ መርፌውም ፒሲኦኤስ አያመጣም። እንክብሉ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በየወሩ ደም ስለሚያመጣ በሽታውን ይሸፍነዋል፣ የሆርሞን ውጤቱንም ይለውጠዋል። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ምን እንደምትወስዱ፣ መቼ እንዳቆማችሁ ሳትጠየቁም ተናገሩ። የድንገተኛውን እንክብል፣ ፖስትፒሉን፣ ደጋግማ የምትወስድም ካለች ከቀኖቹ ጋር ትጻፈው።

ባለፈው ከመካከላችን አንዷ እናት ስለ 15 ዓመት ልጇ ጠይቃኝ ነበር፤ ስሟን አልጠራም። ልጅቷ የወር አበባ ካየች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንዳንዴ በ40 ቀን ይመጣል፤ ክሊኒክ ወስዳ አልትራሳውንድ ልታስነሳት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ውስጥ እስከ 45 ቀን መዘግየት ያለ ነገር ነው። ብጉርም ያለ ነው። በልጃገረዶች ኦቫሪ ላይ ብዙ ከረጢት መታየቱም ያለ ነው፤ ለዚህ ነው አሁን ያለው ዓለም አቀፍ መመሪያ የወር አበባ ከጀመረ ስምንት ዓመት ሳይሞላ በአልትራሳውንድ ፒሲኦኤስ አይወሰን የሚለው። በልጅ ላይ የሚያስፈልገው ሁለቱም ነው፣ የተዛባ የወር አበባም፣ የአንድሮጂን ምልክትም። ለልጅቷ ካላንደር ገዝታ ሰጥታታለች። ሦስት ወር ሙሉ ከቀረባት ግን ትወስዳታለች።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ፤ የሞዴስ ወጪ ቀነሰልኝ ያልኩትን አስታውሱ። እንቁላል በማይወጣበት ጊዜ ኦቫሪ ኤስትሮጅን መሥራቱን አያቆምም። ኤስትሮጅን የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን ያሳድጋል፤ የሚያረጋጋውና የሚያራግፈው ፕሮጄስትሮን ግን የለም። ስለዚህ ሽፋኑ ወር በወር ይወፍራል። ሲብስበት ራሱ ይፈርስና ለሁለት ሳምንት የማይቆም ደም ይሆናል። በዓመታት ብዛት ደግሞ ሴሎቹ መልካቸውን ሊቀይሩ፣ ወደ ማሕፀን ካንሰር ሊያመሩ ይችላሉ። የእኔ 80 ቀን ገደቡ አጠገብ ነበር። ዶክተሯ የነገረችኝ ገደብ 90 ቀን ነው፤ እርግዝና አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ ፕሮጄስትሮን የመሰለ እንክብል ለ10 ቀን ያህል ይወሰድና ሲቆም ደሙ ይመጣል። መውለድ የማትፈልግ ሴት፣ አግብታ የማታውቅም ብትሆን፣ ይህ ይመለከታታል። «ልጅ ስትፈልጊ ታከሚዋለሽ» የሚለው ምክር ይህን ይረሳል።

ሁለተኛው ስኳሩ ነው። እኔ ወፍራም አይደለሁም። በዚያ ምክንያት ስኳሬን የሚያይ አልነበረም፤ አንዴ በባዶ ሆድ ተለክቼ 94 ስለሆነ ደህና ነሽ ተብያለሁ። ዶክተሯ ግን በባዶ ሆድ የሚለካው ብቻውን ሊያመልጥ ይችላል አለች። ቆሽት ከመጠን በላይ እየሠራች ባዶ ሆድ ላይ ያለውን ቁጥር ታስተካክለዋለች፤ የሚያጋልጣት ጭነት ሲመጣ ነው። ሌሊቱን ሳልበላ አድሬ ጠዋት 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ በጥብጠው አጠጡኝ፤ በሁለት ሰዓቱ ተለካሁ። 162 ወጣ። ከ140 በታች ጤናማ ነው፤ ከ140 እስከ 199 የስኳር በሽታ ዋዜማ፤ 200 ከሞላ ስኳር ነው። ዋዜማው ላይ ነበርኩ፣ በ28 ዓመቴ፣ በቀጭንነቴ። ኢንሱሊኑን ራሱን ለመለካት ብር ማውጣት አያስፈልግም፤ ውጤቱ አስተማማኝ ስላልሆነ መመሪያውም አይጠይቅም። ስኳሩን ግን በየአንድ እስከ ሦስት ዓመት ማየት፣ ደም ግፊትን ደግሞ በየዓመቱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ። የሐኪሙን ቤት ለሐኪሙ እተወዋለሁና መድኃኒት አልመክርም። እኔ ልጅ እፈልግ ስለነበር ሌትሮዞል የሚባል፣ እንቁላል እንዲወጣ የሚያግዝ እንክብል ታዘዘልኝ፤ በወር አምስት ቀን ነው የሚወሰደው። ባለቤቴም አብሮ ተመረመረ። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ ዶክተሯ የወንዱ ሳይታይ መድኃኒት አልጀምርም ስላለች ሄደ። በአራተኛው ዙር ረገዝኩ። ለስኳሩ ሜትፎርሚን ጀመርኩ፤ ከጀሞ 3 እስከ ሥራ ቦታዬ ከሚወስደኝ ታክሲም ሁለት ፌርማታ ቀድሜ መውረድ ጀመርኩ። ጡንቻ ሲሠራ ያለ ብዙ ኢንሱሊንም ስኳር ይቀበላል። አንድ የተለየ የፒሲኦኤስ ምግብ አለ የምትላችሁ ካለች ገንዘባችሁን ያዙ፤ እንዲህ ያለ ከሌላው የሚበልጥ ምግብ እስካሁን አልተገኘም። እኔ ሻይዬ ላይ ከማደርገው ሦስት ማንኪያ ስኳር ወደ አንድ ወርጃለሁ፤ እንጀራዬን አልተውኩም።

ልጄ አሁን ሁለት ዓመቷ ነው። ካጠባኋት በኋላ የወር አበባዬ እንደድሮው መዝለል ጀምሯል፤ በሽታው አልሄደምና። አገጬም ላይ ወረንጦው አልተቀመጠም። ባለፈው ኅዳር ስኳሬን ድጋሚ አየሁት፣ በሁለት ሰዓት 138 ሆኗል፤ በሁለት ቁጥር ነው ያለፍኩት። ካላንደሬን ይዤዋለሁ፤ ከቡና በኋላ እንዴት እንደሚቆጠር ማየት የምትፈልጉ እዚያ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ። የራሳችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ ጳጉሜን ደግሞ እኔ አስታውሳችኋለሁ።